«ተቅማጡን አላቆመውም» ለምትል እናት ምን እንበላት?

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ ባለ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች ስለ ኦአርኤስ የአንድ ቀን ሥልጠና እሰጣለሁ። ማኑዋሉ ቁጥር ብቻ ነው። እናቶች ሲነገራቸው «እሺ» ይላሉ፣ በማግስቱ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው ይተዉታል። ሴቶቹ የሚለማመዱበት የጭውውት ጽሑፍ ካለሽ ብታካፍዪኝ?

ምላሽ፦

«አልሠራም» ያለችሽ እናት እውነቷን ነው። የተቅማጥ መድኃኒት ነው ብለን ሰጠናት። እሷም እንደማንኛውም መድኃኒት ጠበቀችው። ራስ ምታት ያለበት ሰው ክኒን ውጦ ሕመሙ ሲተወው «ሠራ» ይላል። ልጇ ግን ኦአርኤስ ጠጥቶም ተቅማጡ ቀጠለ። ምን ትበል?

ኦአርኤስ ተቅማጥ አያቆምም። በተቅማጥና በትውከት የወጣውን ውሃና ጨው ነው የሚተካው። ተቅማጡ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ። ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጠው እስከዚያ ድረስ የሚወጣው ውሃ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ በቃላቸው እንዲይዙ የምትፈልጊው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሄ ይሁን፦ «ይሄ ተቅማጡን አያቆመውም፤ ልጁን እንዳይደርቅ ያቆየዋል።» ፓኬቱ ከመከፈቱ በፊት መነገር አለበት። ካለፈ በኋላ ሲነገር ሰበብ ይመስላል።

እኔ ለማስረዳት የሚያፈስ ጀሪካን እጠቀማለሁ። ከታች ቢያፈስም ከላይ እየሞላሽ ውሃው እንዳያልቅ ታደርጊያለሽ። አንድ ጊዜ ሞላሌ አካባቢ አንዲት ሴትዮ «ታዲያ ቀዳዳውን ለምን አትደፍኑትም?» ብላ አስቃናለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሥልጠናሽ ላይም መምጣቱ አይቀርም። መልሱ «ቀዳዳው ራሱ ይደፈናል፣ ዚንኩ ደግሞ ቶሎ እንዲደፈን ይረዳል» ነው። ዕድሜው 6 ወር ለሞላው ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ለ10 ቀን ይሰጣል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩ ቀን ይሞላል። ከ6 ወር በታች ከሆነ ግማሽ ፍሬ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ከጭውውቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ለመበጥበጥ ስጪ። እያንዳንዷ ሴት ቤቷ የምትበጠብጥበትን ዕቃ ይዛ ትምጣ። የቤቷን ጣሳ፣ የቤቷን ጆግ፣ የቤቷን ሃይላንድ። ይህን የምልሽ በራሴ ስህተት ተምሬ ነው። ሥራ ስጀምር እናቶችን «በአንድ ሃይላንድ በጥብጡት» እያልኩ እሸኝ ነበር። በልቤ የማስበው ባለ አንድ ሊትሩን ነው። አንዲት እናት በጣም የሚነጫነጭና ውሃ ውሃ የሚል ልጅ ይዛ ተመለሰች። የበጠበጠችበትን አምጪ ብላት ግማሽ ሊትር የሚይዝ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ሙሉ ፓኬት በግማሽ ሊትር! ያልኳትን ነበር ያደረገችው።

ፓኬቱ 20.5 ግራም ነው፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ተብሎ የተመጠነ። ውሃው ሲያንስ ጨው ይበዛል። ጨው የበዛበት ልጅ ይበልጥ ይጠማዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሲብስ ደግሞ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ውሃው ሲበዛ ጉዳቱ እንደዚያ አይከፋም፤ ግን የወጣውን ጨው በደንብ አይተካም። ስኳር ጨምረው የሚያጣፍጡም አሉ። ይህን አጥብቀሽ ከልክይ። በፓኬቱ ውስጥ ያሉት ስኳርና ጨው በአንጀት ግድግዳ የሚያልፉት ተያይዘው ነው፤ ውሃው እነሱን ተከትሎ ይገባል። ስኳሩ ከልክ ሲያልፍ ግን አንጀት ውስጥ ቀርቶ ውሃ ወደራሱ ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል። ለስላሳ መጠጥና በጣም የጣፈጠ ሻይም በዚሁ ምክንያት አይሆኑም።

ሊትር እንዴት ይለካ? ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ካለ አለቀ። ከሌለ የቢራ ጠርሙስ በየቤቱ አይጠፋም። የተለመደው 330 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሦስቱ 990 ይሆናል። የጎደለችው 10 ሚሊ ሊትር አታሳስብም። ሴቶቹ በሦስት የቢራ ጠርሙስ ውሃ የቤታቸውን ጆግ ሞልተው የደረሰበት ላይ በምስማር ይጫሩት ወይም ቀለም ይቀቡት። ያ ምልክት ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። ግማሽ ፓኬት በግማሽ ሊትር ግን አይሁን። ዱቄቱ በዓይን እኩል አይከፈልም፤ የተረፈውም እርጥበት ይስባል።

ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ቢሆን ጥሩ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ግን አይፈላም። ክረምት ላይ ኩበቱ ርሶ እሳት አልያዝ ሲል ውሃ እስኪፈላ ብሎ ልጁን ማስጠማት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ያለው ንጹሕ የተባለ ውሃ ይሁን። የተበጠበጠው ተከድኖ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ይደፋል።

ከዚህ በኋላ ጭውውት። ሦስት ጽሑፍ ሰጥቼሻለሁ፤ የሦስቱም ልጅ አንድ ነው። የ14 ወር ወንድ ልጅ፣ 8 ኪሎ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አምስት ጊዜ አስቀምጦታል። የመጀመሪያው ሆን ተብሎ የተበላሸ ነው። አጭር ነው፤ ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ።

የመጀመሪያው ጭውውት

*ጎረቤት (የቡድን መሪ)፦* ልጁ አሞታል አሉ?

*እናት፦* አዎ፣ ያስቀምጠዋል።

*ጎረቤት፦* ይኸው ኦአርኤስ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ትበጠብጪና ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ትሰጪዋለሽ። ዚንክ ደግሞ ለ10 ቀን። ጡት አታቋርጪ። ከ24 ሰዓት በኋላ ትደፊዋለሽ። ገባሽ?

*እናት፦* እሺ።

*ጎረቤት፦* በይ ደህና ዋይ።

«ምኑ ላይ ተሳሳተች?» ብለሽ ጠይቂ። የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው። ሚሊ ሊትሩም ትክክል ነው። እናት ግን ሚሊ ሊትር መለኪያ የላትም። «ገባሽ?» የሚለው ጥያቄም ከ«እሺ» ሌላ መልስ የለውም። ልጁን ዞር ብላ ያላየችው ግን ትልቁ ጉድለት ነው። ሴቶቹ ራሳቸው እስኪያገኙት ታገሺ፤ እኔ ሳሠለጥን አንዷ ሁልጊዜ ታገኘዋለች።

ለሚሊ ሊትሩ የቡና ሲኒ አለልሽ። በሲሪንጅ የለካኋቸው ሲኒዎች ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ በእያንዳንዱ ተቅማጥ አንድ ሲኒ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ሁለት ሲኒ። ሥልጠናው ላይ አንድ ሲሪንጅ ይዘሽ ሂጂና የራሳቸውን ሲኒ ይለኩ።

ሁለተኛው ጭውውት

አማት የግድ መኖር አለባት። በእኛ ቤት የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። እሷን ያላሳመነች ጎረቤት ኦአርኤሱን ለጎተራ አይጥ ሰጥታ እንደሄደች ቁጠሪው።

*ጎረቤት፦* እንዴት አደራችሁ። እማማ፣ እንዴት አደሩ? ማሙሽን አሞታል ብለውኝ ነው የመጣሁት።

*አማት፦* እግዚአብሔር ይመስገን። ጥርስ ሊያወጣ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው። ውሃ ከለከልኳት፤ በጠጣ ቁጥር ይወርድበታል።

*ጎረቤት፦* እውነትዎን ነው፣ ሲጠጣ የሚወርድ ይመስላል። እስቲ ልየው፣ ላቅፈው? *(ታቅፈዋለች፤ ዓይኑን ታያለች፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣ ትለቃለች፤ ውሃ በማንኪያ ታቀርብለታለች።)* ዓይኑ አልጎደጎደም። ቆዳው ወዲያው ተመለሰ። ይጠጣል፣ ግን አይስገበገብም። ገና አልደረቀም፣ ተመስገን። ስንት ጊዜ አስቀመጠው?

*እናት፦* ከማታ ጀምሮ አምስት ጊዜ። አንዴ አስመለሰው።

*ጎረቤት፦* ደም አለው?

*እናት፦* የለውም። ውሃ ውሃ ነው።

*ጎረቤት፦* እማማ፣ ይሄ ጀሪካን ከታች ቢያፈስና ከላይ ውሃ ባንጨምርበት እስከ ማታ ምን ይሆናል?

*አማት፦* ይነጥፋል እንጂ።

*ጎረቤት፦* ማሙሽም እንደዚያው ነው። ይሄ ተቅማጡን አያቆመውም። ዛሬም ነገም ሊያስቀምጠው ይችላል። ግን እንዳይደርቅ ያቆየዋል። ነገ «አላቆመውም» ብላችሁ እንዳትተዉት አሁኑኑ ነገርኳችሁ።

*አማት፦* እንጥሉን ብናስቆርጠውስ?

*ጎረቤት፦* እሱን እንኳ ተዉት እማማ። ይደማል፣ ይቆስልና መጠጣቱን ይተዋል። መጠጣቱን ከተወ ነው የምንፈራው። *(ፓኬቱን ለእናት ትሰጣታለች፤ ራሷ አትከፍተውም።)* እስቲ አንቺ በጥብጪው፣ እኔ ልይሽ።

*(እናት እጇን ትታጠባለች፤ በሦስት የቢራ ጠርሙስ ውሃ ትለካለች፤ ሙሉ ፓኬት ትጨምራለች፤ እስኪሟሟ ታማስላለች፤ ትቀምሳለች።)*

*ጎረቤት፦* እንዴት ነው?

*እናት፦* ትንሽ ጨው ጨው ይላል።

*ጎረቤት፦* እንባ ሲቀመስ እንዴት ነው? ከእንባ ከጨመረ ውሃው አንሷል ማለት ነው። እንግዲህ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ ሲኒ፣ በማንኪያ ቀስ እያልሽ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታገሺና እንደገና ጀምሪ፤ ያኔ ይበልጥ ቀስ አድርጊ። ጡቱም ገንፎውም እንዳለ ነው። ዚንኩን ከጤና ኬላ ዛሬውኑ ውሰጂ። አሁን እኔ ልሄድ ነው። አባቱ ከገበያ ሲመጣ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?

እዚህ ላይ እናት በራሷ አፍ ትናገር። አንድ ነገር ብትዘነጋ ጎረቤት «አልገባሽም» አትበላት፤ «እኔ በደንብ አልነገርኩሽም» ብላ ያንኑ ብቻ ትድገምላት።

ስለ አማቷ ሁለት ነገር ልጨምር። «ጥርስ አይደለም» ብሎ መከራከር ጊዜ ይበላል። ጥርስም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን፣ ልጁ የሚፈልገው ፈሳሽ ያው ነው። ጸበል የሚሉም ይኖራሉ፤ ሕክምናውን እስካልተካ ድረስ አትጋፊው። አጥብቀሽ የምትከለክዪው እንጥል መቁረጥን፣ ግግ ማውጣትንና ፈሳሽ መከልከልን ነው። ሌላውን እለፊው።

ሦስተኛው ጭውውት

በጣም የሚያስፈልግሽ ይሄ ነው፣ በማግስቱ የሚሆነው።

*እናት፦* እትዬ፣ አልሠራም እኮ። ዛሬም እያስቀመጠው ነው።

*ጎረቤት፦* እንኳን ነገርሽኝ። ከትናንት ጀምሮ ስንት ሲኒ ጠጣ?

*እናት፦* ሰጥቼዋለሁ።

*ጎረቤት፦* እስቲ ጆጉን አሳዪኝ። *(ጆጉ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው።)* እንዴት ነበር ያጠጣሽው?

*እናት፦* ጠምቶት ስለነበር ሲኒውን ሙሉ አንዴ ጨለጠው። ወዲያው ዘረገፈው። እማዬም «ሆዱ አልተቀበለውም» አሉ። ማታ ላይ ተውኩት።

*ጎረቤት፦* ባንዴ ስለበዛበት ነው። *(ልጁን ታያለች።)* ዛሬ ይነጫነጫል። ዓይኑ ጎድጉዷል። ማንኪያውን እንዴት እንደሚስገበገብበት አየሽ? ቆዳውም ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። አሁን ወደ ጤና ኬላ እንሄዳለን። የትናንቱን እንድፋና አዲስ እንበጥብጥ፤ በመንገድ ላይ በየደቂቃው እየሰጠሽው ነው የምንሄደው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ነው ሁሉን የፈታው። «ሰጠሽው?» ሳይሆን «ስንት ሲኒ?» ከዚያ ደግሞ ጆጉ። የልማት ቡድን መሪዎቹ በማግስቱ ሲሄዱ መጀመሪያ ጆጉን እንዲያዩ አድርጊ። ካልጎደለ ልጁ አልጠጣም፤ የሚጠየቀው ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

ጤና ኬላ ሲደርሱ ሥራው የአንቺ ነው። እነዚያ ምልክቶች ከሁለት በላይ ስለሆኑ የተወሰነ የፈሳሽ እጥረት አለበት። ስሌቱ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ነው። ስምንት ኪሎ ሲሆን 600 ሚሊ ሊትር፣ በአራት ሰዓት ውስጥ። በሰዓት 150 ማለት ነው። ይህን ለእናት በቁጥር አትንገሪያት። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ስትሰጠው በሰዓት ልክ 150 ይሞላል። «አንድ ማንኪያ፣ ጥቂት ፋታ፣ አንድ ማንኪያ» በያት። ልጁ ተጨማሪ ከፈለገ ይሰጠው። ጡትም በመሃል ይጥባ። 600ውን ለብቻው በምልክት በተለየ ዕቃ አስቀምጪና ሲጎድል ሁለታችሁም እዩት። እናቲቱ ዕቃው እየጎደለ ልጁም እየተረጋጋ ሲሄድ በዓይኗ ስታይ፣ «አልሠራም» የሚለው ቃል ከአፏ ይጠፋል። ልጁ እየተሻለው ሽንት ይሸናል፣ መነጫነጩ ይቀንሳል፣ ይጫወታል። ተቅማጡ ግን አሁንም አለ! ያንን ቆም ብለሽ አሳያት።

ከአራት ሰዓት በኋላ እንደገና ትመረምሪዋለሽ። ምልክቶቹ ከጠፉ ሁለት ፓኬትና ዚንክ ይዛ ወደ ቤቷ፣ ወደ ሲኒው ሥርዓት ትመለሳለች። ካልጠፉ ትደግሚዋለሽ። ከባሰበት ወደ ጤና ጣቢያ ትልኪያለሽ።

ለቡድን መሪዎቹ ግን ገደቡን በግልጽ ንገሪ። ልጁ ከደከመና ካልነቃ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ተቆንጥጦ የተለቀቀው ቆዳ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየ ቤት ውስጥ ማንኪያ መቁጠር አያስፈልግም። መጠጣት የሚችል ከሆነ በመንገድ እየጠጣ ወደ ጤና ጣቢያ። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም 14 ቀን ከሞላው፣ ልጁ ሁለት ወር ያልሞላው ከሆነም ይላክ። በጣም የከሳ ወይም ሁለት እግሩ ያበጠ ልጅ ደግሞ ለብቻው ነው። ለእሱ የሚሰጠው ፈሳሽ የተለየ ነው፣ ይህ ስሌት አይሠራለትም፣ በቤት አይሞከርም።

የቀኑን ሰዓት ስትከፋፍዪ ለሦስተኛው ጭውውት ብዙ ጊዜ ስጪ። ሴቶቹ በሦስት በሦስት ይሁኑ፤ አንዷ እናት፣ አንዷ አማት፣ አንዷ ጎረቤት፤ ከዚያ ይቀያየሩ። አማት የምትሆነዋ ጽሑፉን አትመልከት። ቤቷ የሰማችውን ሁሉ ትበል። ብርድ ነው ትበል፣ ቡዳ ነው ትበል፣ ፌጦ አቅምሱት ትበል። እኔ ባሠለጠንኳቸው ሁሉ ከማኑዋሉ ይልቅ የጠቀመን እነዚህ አማቶች የተናገሩት ነው። ወረቀት ይዘሽ ጻፊው፤ ለሚቀጥለው ሥልጠናሽ አራተኛውን ጭውውት ከዚያ ታገኚዋለሽ።